ሽንኩርታችን ለምን ሁለት ሳምንት ይዘገያል?

ደሴ ሰኞ ገበያ አካባቢ የምትኖር አንዲት የቆቦ ሽንኩርት አምራቾች ማኅበራችን ደንበኛ ባለፈው ሳምንት ደወለችልን። «የቆቦ ሽንኩርት ደሴ ገብቶ በየበረንዳው ተዘርግቷል፤ እናንተ ግን ዛሬም ገና ነው ትሉናላችሁ። ከገበሬው በቀጥታ ነው የምንገዛው ብለን ስንጠብቅ ከሰው ሁሉ ኋላ ቀረን» አለች። ጥያቄዋ ተገቢ ስለሆነ በስልክ በሁለት ቃል ከምንመልስላት ይልቅ ለእሷም ለሌሎቻችሁም በዚህ የዘንድሮ የሽንኩርት ነቀላ ሰሞን መልእክታችን በደንብ ልናስረዳ ወደድን። አብሽሩ፣ ሽንኩርቱ ለነቀላ ደርሷል። ከማሳ ተነቅሏል፤ አሁን ቆጥ ላይ ተዘርግቶ አንገቱ እየደረቀ ነው። የሁለት ሳምንቱ መዘግየት የሚመጣው ከዚህ ሥራ ነው።

የሽንኩርት ኮረት ሥር አይደለም፤ ፍሬም አይደለም። የቅጠሎቹ የታችኛው ክፍል እየወፈረ፣ አንዱ በሌላው ላይ እየተደረበ የተሠራ ነው። ሽንኩርት ስትከትፉ የምታገኙት አብዛኛው ንብርብር ከላይ ከነበረ አንድ ቅጠል ጋር የተያያዘ ነበር። ስለዚህ ቅጠሎቹ ተሰብስበው ከኮረቱ የሚወጡበት ቦታ፣ እኛ አንገት የምንለው፣ በቀጥታ ወደ ሽንኩርቱ መሀል የሚያስገባ በር ነው። ሽንኩርቱ ማሳ ላይ እያለ በሩ ክፍት መሆኑ አይጎዳውም፤ ቅጠሉ ምግብ እየሠራ በዚያው በኩል ወደ ታች ይልካል። ከተነቀለ በኋላ ግን በሩ ክፍት ከቀረ ሻጋታውም፣ የሚያበሰብሰው ባክቴሪያም በእርጥቡ አንገት ወርዶ መሀሉ ይገባል። ውጪው ቀይና የሚያብረቀርቅ፣ ውስጡ ግን ውሃ የሆነ ሽንኩርት ያጋጠማችሁ እንደሆነ ታሪኩ ይኸው ነው። ብልሽቱ የጀመረው እናንተ ቤት ሳይሆን አንገቱ ሳይዘጋ ጆንያ ውስጥ የታሰረ ዕለት ነው።

በሩን የሚዘጋው ተፈጥሮ ራሷ ናት፤ ከእኛ የሚጠበቀው አለመቸኮል ነው። ችግኙ ከመደብ ተነስቶ ማሳ ላይ ከተተከለ፣ እንደ ዝርያው፣ ከሦስት ወር ተኩል እስከ አራት ወር ገደማ ሲሆነው ኮረቱ መወፈሩን ያቆማል። አዲስ ቅጠል ስለማይወጣም አንገቱ ውስጡ ባዶ ሆኖ ይለሰልስና ቅጠሉን መሸከም ያቅተዋል፤ ቅጠሉ አረንጓዴ እንደሆነ ከአንገቱ ታጥፎ መሬት ላይ ይተኛል። የኛ አባላት የማሳውን መድረስ የሚለዩት በዚህ ነው። ከማሳው ከግማሽ በላዩ ሲተኛ ውሃ ይቆማል፤ ከዚያ መሬቱ እስኪደርቅ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይጠበቃል፤ ከዚያ ይነቀላል።

ብዙ ጊዜ ነገሩ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። የራያ ቆቦ ሜዳ በክረምት ማሽላና ጤፍ ነው፤ በበጋ ግን ከጉድጓድ በሚወጣ ውሃ ሽንኩርትና ቲማቲም ያመርታል። ዋጋው ጥሩ በሆነ ሰሞን ደላላው ማሳው ድረስ ይመጣል። ቅጠሉ ገና ቆሞ እያለ ተስማምቶ «ነገ ይነቀል» ይላል። ገበሬውም የሚሸጠው በክብደት ነውና በዋዜማው ማሳውን ውሃ ያጠጣል። ይህን የሚያደርገውን ሰው ሌባ ልንለው አንፈልግም፤ ከእኛም መሀል ማኅበሩ ከመቋቋሙ በፊት ያደረገው አለ። የሚከፈለው ለሚዛኑ ብቻ ከሆነ፣ ውሃው የጨመረለትን ኪሎ ትቶ ሁለት ሳምንት ቢጠብቅ የሚጎዳው እሱ ብቻ ነው። ያ ሽንኩርት በማግስቱ ማዳበሪያ ጆንያ ውስጥ ታጭቆ አይሱዙ ላይ ይጫናል። ሰኞ ገበያ ቀድሞን የደረሰው ይህ ነው።

አንገት የማድረቁ ሥራ በጽሑፍ ቀላል ይመስላል። የተነቀለው ሽንኩርት በረድፍ ይዘረጋል፤ የአንዱ ረድፍ ቅጠል የሌላውን ረድፍ ኮረት እንዲሸፍን ተደርጎ ነው። የቆቦ ቀትር ፀሐይ ኮረቱን በቀጥታ ካገኘው ጎኑን ቀቅሎት ነጭ፣ ለስላሳ ጠባሳ ያወጣበታል፤ ያ ጠባሳ ደግሞ ሌላ በር ነው። ፀሐዩ ደህና ከሆነ ማሳ ላይ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይበቃዋል። እኛ ግን በዚህ ወር በማሳው አንተማመንም። ምክንያቱን ወሎ ያደገ ሰው ሳንነግረው ያውቀዋል፤ የካቲትና መጋቢት የበልግ ዝናብ የሚጠበቅበት ጊዜ ነው። በልጉ ለደጋው ወገናችን ሲሳይ ነው፤ ይዝነብለት። ማሳ ላይ ተዘርግቶ ግማሽ የደረቀ ሽንኩርት ላይ ሲወርድ ግን የደረቀውን ልጣጭ መልሶ ያረጥበዋል፣ ቀለሙን ያጠፋዋል፣ ሥሩንም እንደገና ያስጀምረዋል። ስለዚህ ሁለት ሦስት ቀን ማሳ ላይ ካዋልነው በኋላ ወደ ዳሱ እናስገባዋለን። ዳሱ ጣሪያ እንጂ ግድግዳ የለውም፤ ውስጡ ከመሬት ከፍ ያሉ ቆጦች አሉ፤ ቆጡ ላይ የማሽላ አገዳ ተረብርቧል። ነፋሱ ከታችም ከጎንም ያገኘዋል። ጥላ ስለሆነ ከፀሐዩ ይዘገያል፤ ከአሥር እስከ አሥራ አራት ቀን ይፈጃል። የምትጠብቁት ይህን ነው።

ሲጨርስ አንገቱ ቀጥኖ እንደ ወረቀት ይሆናል፤ የላይኛው ልጣጭ ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ሥሩ ደርቆ በእጅ ሲነካ ይራገፋል። ያኔ ቅጠሉ ይቆረጣል፤ ግን ከኮረቱ አፋፍ አይደለም። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር የሚሆን የደረቀ አንገት እንተውለታለን። ለዓይን የተመቸ እንዲሆን ተብሎ አናቱ ድረስ የተላጨ ሽንኩርት ገበያ ላይ ታያላችሁ፤ የተቆረጠው ሥጋው ነው፣ ቁስል ነው። አምና አንዳንዶቻችሁ «ጭራውን ለምን ትመዝኑብናላችሁ» ብላችሁን ነበር። የደረቀ ጭራ ክብደቱ ኢምንት ነው፤ ሥራው ግን የቡሽ ነው።

በጥበቃው ብዛት የማይድን ሽንኩርት ደግሞ አለ። ማሳው ላይ ዩሪያ ዘግይቶ ከተጨመረ ቅጠሉ ማደጉን አይተውም፤ አንገቱ ወፍራም ሆኖ ይቀራል፤ ሳምንት ቢዘረጋም መሀሉ እርጥብ ነው። አበባ አውጥቶ የነበረም እንዲሁ ነው፤ ሲከፈል መሀሉ ላይ ጠንካራ ግንድ ይገኝበታል፤ የግንዱ ክፍት ቦታም አይዘጋም። ሁለት ሆኖ የተሰነጠቀ መንታም ልጣጩ ስለማይገጥም ቶሎ ይበላሻል። እነዚህ ለምግብ ምንም አይሉም፤ የሚጎድላቸው ዕድሜ ብቻ ነው። ለይተን እዚያው ቆቦ ለምግብ ቤቶች በቅናሽ እንሸጣቸዋለን፤ ወደ እናንተ በሚመጣው ጆንያ ውስጥ ሊገቡ አይገባም። ብታገኙ ንገሩን።

ይህን ሁሉ የምናውቀው ብልጦች ስለነበርን አይደለም። አምና ተሳስተን ከፍለንበታል። ለፋሲካ አሥራ ምናምን ቀን ሲቀረው ትእዛዙ ከጠበቅነው በላይ ሆነ። ደንበኛ ላለማሳዘን ብለን፣ ቅጠሉ በደንብ ያልተኛ የአንድ አባላችንን ማሳ ነቀልን። በሦስተኛው ቀን ደመና መጣ፤ ሳይደርቅ ሰብስበን ጆንያ አደረግነው። መረብ ጆንያ ስለጎደለንም ግማሹን በማዳበሪያ ጆንያ አሰርን። በስምንተኛው ቀን ስልኩ መጮህ ጀመረ። ከቧንቧ ውሃ ሠፈር አንድ ጆንያ አስመልሰን ደሴ ላይ ፈታነው። ሽታው ቀድሞ ነገረን፤ እንደ ኮመጠጠ ሊጥ ያለ፣ ጣፋጭነት የተቀላቀለበት ሽታ ነበር። ከላይ ያሉት ደህና መስለው ነበር። አንዱን ከአንገቱ ወደ ሥሩ ለሁለት ስንከፍለው የላይኛው ንብርብር ጤነኛ፣ ከሱ ሥር ያሉት ሁለቱ ግን በውሃ እንደተቀቀሉ ብርሃን የሚያሳልፉ ሆነው አገኘናቸው፤ ከነሱ በታች ያለው ደግሞ ተመልሶ ጤነኛ ነው። ብስባሹ በየትኞቹ ቅጠሎች በኩል እንደወረደ በዓይን ይታያል። የሁሉንም ገንዘብ መለስን፤ ዳሱን የሠራነውም ከዚያ በኋላ ነው።

ስለዚህ ሽንኩርት ስትገዙ፣ ከእኛም ሆነ ከሌላ፣ ሽንኩርቱን በዓይን ብቻ አትመኑ። አንገቱን በአውራ ጣትና በሌባ ጣት ይዛችሁ እሹት። የደረቀ ከሆነ ጥብቅና ቀጭን ነው፤ ምንም አይንሸራተትም። ከልጣጩ ሥር የሚንሸራተት፣ የሚለጠጥ ነገር ከተሰማችሁ ውስጡ እርጥብ ነው። ቀጥሎ እጃችሁን ጆንያው መሀል ስደዱት፤ ሙቀት ወይም እርጥበት ካለ ላብ አስሯል ማለት ነው። ሻጩ ከፈቀደ አንዱን አሁን እንዳልነው ከላይ ወደ ታች ክፈሉት። በአግድሙ ከከፈላችሁት የታመመውን ንብርብር ልትስቱት ትችላላችሁ።

ልጣጩ ሥር እንደ ጥላሸት ያለ ጥቁር ዱቄት ብታዩ የሙቀት አገር ሻጋታ ነው፤ እኛም ጋ ይገኛል፤ ሙሉ በሙሉ አናስቀረውም። ዱቄቱ የደረቁ ልጣጮች ላይ ብቻ ከሆነ አንድ ሁለት ንብርብር ልጣችሁ፣ አጥባችሁ መጠቀም ትችላላችሁ። ሥጋው ውስጥ ከገባ ግን ጣሉት። የታመመውን ቆርጦ ጤነኛውን ማትረፍ ደግ ልማድ ነው፤ ሻጋታ ውስጥ ለገባበት ሽንኩርት ግን አይሆንም።

ወጥ የሚሠራ ሰው ሌላም መለያ አለው። ባለሙያዎቹ እናቶቻችን «ይሄ ሽንኩርት ውሃ ይተፋል» የሚሉት ውሃው ሳይወጣለት የተሰበሰበውን ነው። ድስት ሙሉ ከትፋችሁ ትጥዳላችሁ፤ ይቀቀላል እንጂ አይቁላላም፤ ውሃው እስኪመጥ እሳትና ጊዜ ይበላል፤ በመጨረሻም ድስቱ ሥር የሚቀረው ትንሽ ነው። ከደረቀው ለዶሮ ወጥ የለመዳችሁትን ያህል ብትከትፉ ቁሌቱ ከወትሮው ይበረክታል። መጀመሪያ ላይ መጠኑን ትንሽ ቀንሱ።

ዋጋውን እንየው፤ ምክንያቱም የኛ ከጉልቱ ሁልጊዜ ትንሽ ይወደዳል። እዚህ የምንጠራቸው ብሮች ለስሌት እንዲመቹ የተወሰዱ እንጂ የዘንድሮ ዋጋ አይደሉም። አንድ አባላችን አንድ ኩንታል እርጥብ ሽንኩርት ማሳው ላይ በኪሎ 40 ብር ቢሸጥ 4,000 ብር ያገኛል። ያንኑ ኩንታል አንገቱን ሲያደርቀው ከ100 ኪሎው ከሦስት እስከ አምስት ኪሎ በውሃነት ይሄዳል፤ አምስት እንበል። 95 ኪሎ ይቀረዋል። ያንኑ 4,000 ብር እንዲያገኝ ብቻ ኪሎው ከ42 ብር በላይ መሆን አለበት። የመለያው፣ የመረብ ጆንያውና የጭነቱ ወጪ ሲጨመር ደሴ ላይ 46 ብር ሆነ እንበል።

አሁን ወደ እናንተ ቤት እንምጣ። ሁለት ጎረቤታሞች እያንዳንዳቸው 20 ኪሎ ገዙ፤ አንዷ እርጥቡን፣ ጭነቱን እንኳ ሳንጨምርበት፣ በ40፣ አንዷ የደረቀውን በ46። የመጀመሪያዋ 800 ብር፣ ሁለተኛዋ 920 ብር ከፈሉ። በወሩ የመጀመሪያዋ ከ20ው አምስቱን በብስባሽና በውሃ አጣች እንበል፤ ባልደረቀ ሽንኩርት ላይ ይህ ብዙ የሚባል አይደለም። 15 ኪሎ በላች ማለት ነው፤ ኪሎው 53 ብር ከምናምን ወጣላት። ሁለተኛዋ አንድ ተኩል ኪሎ ጎደለባት፤ 18 ተኩል በላች፤ ኪሎው ወደ 50 ብር ገደማ ሆነላት። ልዩነቱ ሰፊ አይደለም፤ ግን ርካሽ የመሰለው ውድ ሆኖ ተገኘ።

ከዚሁ ስሌት የሚወጣ ሌላ እውነት አለ፤ ደብቀን ልንሸጥላችሁ አንፈልግም። የምትገዙት ለዚህ ሳምንት ወጥ የሚሆን ሁለት ሦስት ኪሎ ከሆነ እርጥቡ ሽንኩርት ለመበስበስ ጊዜ አያገኝም። ያኔ ከጉልቷ ሴትዮ መግዛት ይሻላችኋል፤ አንገቱን እሹና ጠንከር ያለውን ምረጡ። የኛ ጆንያ የሚጠቅመው ሽንኩርት ቤቱ ለሚያቆይ ሰው ነው።

ለምን ያህል ጊዜ ያቆያል የሚለው ደግሞ ከምታስቡት ይለያል። ብዙ ሰው «ደሴ ቀዝቃዛ ናት፣ ቆቦ ሙቀት ነው፤ ሽንኩርት ደሴ ይቆያል» ይላል። እኛም እንዲያ እናስብ ነበር። ሽንኩርት ከተነቀለ በኋላ ይተኛል፤ እንቅልፉ እስካልተቀሰቀሰ አያበቅልም። እንቅልፉን የሚነሳው ደግሞ መካከለኛው ቅዝቃዜ ነው፤ ከ10 እስከ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው። ከዚያ በጣም ሲቀዘቅዝ፣ ወደ ዜሮ ሲጠጋ፣ እንደተኛ ይቆያል፤ ከ25 በላይ ሲሞቅም እንዲሁ ተኝቶ ይቆያል፤ ብቻ ክብደቱ ይቀንሳል። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የደሴ ቤት ውስጥ፣ ዓመቱን ሙሉ ማለት ይቻላል፣ ልክ ሽንኩርት የሚነቃበት ቅዝቃዜ ነው። 1,500 ሜትር አካባቢ ያለው ቆቦ በሙቀቱ ሽንኩርቱን ያስተኛዋል። በዚህ ምክንያት የኛ ዳስ ውስጥ ያለው ሽንኩርት ሳያበቅል ይቆያል፤ አብሮት ተነቅሎ፣ አብሮት ደርቆ እናንተ ጋ የመጣውን ወንድሙን ግን አረንጓዴ ጫፍ አውጥቶ ታገኙታላችሁ። ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ያበቀለ ሽንኩርት መርዝ አይደለም፤ ቡቃያውም ይበላል፤ ሥጋው ግን ይላላል፣ ስለዚህ ቅድሚያ ለሱ ስጡት።

ታዲያ ምክራችን ጆንያ ለሚሸጥ ሰው የማይመስል ነው፤ በአንድ ጊዜ ከስድስት ሳምንት ፍጆታ በላይ አትግዙን። በሳምንት ሦስት ኪሎ የሚጨርስ ቤት ለስድስት ሳምንት 18 ኪሎ ይበቃዋል፤ አንድ የ20 ኪሎ ጆንያ ማለት ነው። በሳምንት ኪሎ ተኩል የሚበቃው ቤት ከጎረቤቱ ጋር ጆንያውን ለሁለት ይካፈል። ደሴ ላይ ለቡና የሚጠራሩ ጎረቤቶች ይህን እንዴት እንደሚያደርጉ ከእኛ መማር አያስፈልጋቸውም። ቀሪውን እኛው በሙቀታችን አስተኝተን እናቆይላችሁና በሁለተኛው ጭነት እናመጣለን። ክረምት ድረስ እናድርሰው ብላችሁ ሁለት ሦስት ጆንያ ማከማቸት ግን ገንዘብ ማባከን ነው። ደሴ ሐምሌና ነሐሴ ጭጋግ ነው፤ እርጥበቱ ሲበዛ የደረቀው ሽንኩርት እንኳ ሥር ያወጣል፣ ከሥሩም ይበሰብሳል። እኛ የምንዘራቸው ቀይ ዝርያዎች፣ በደህና አያያዝ፣ ሁለት ወር ቢበዛ ሦስት ወር የሚቆዩ ናቸው። ለክረምት የሚሆነውን ከፈለጋችሁ አሁን በፀሐዩ በስሱ ከትፋችሁ፣ ወንፊት ላይ ዘርግታችሁ እስኪሰባበር አድርቁትና በጠርሙስ ክደኑት፤ ለበርበሬ እንደምታደርቁት ማለት ነው።

ጆንያው ከመኪና ሲወርድ ስላለው አንድ ሰዓት በተለይ ላሳስባችሁ። ጭነቱ ከቆቦ ሲነሳ ሞቃት ነው፤ ወልድያን አልፎ ወደ ደሴ ዳገቱን ሲወጣ አየሩ ይቀዘቅዛል። ከሸራው ሥር ያለው ሞቃት አየር ቀዝቃዛውን ሸራ ሲነካ ውሃ ይሆናል፤ ሲነጋ ሸራው ከውስጥ ያንጠባጥባል። ላዩ ላይ ያሉት ጆንያዎች በዚህ ሊረጥቡ ይችላሉ። ስለዚህ ጆንያውን ቤት እንዳስገባችሁ አትተዉት፤ በዚያው ቀን ፍቱትና ሰሌን ወይም ሰፌድ ላይ ዘርግታችሁ አሳድሩት። ሲወርድም ቀስ ተብሎ ይውረድ። ከአይሱዙ አናት ወደ መሬት የተወረወረ ጆንያ ውስጡ ይፈነከታል፤ ልጣጩ ግን ሳምንት እስኪያልፍ ምንም አያሳይም። ከጫኝና አውራጅ ወንድሞቻችን ጋር ተቀብሎ ማውረድ እንጂ መወርወር እንዳይኖር ተስማምተናል፤ ሲወረውሩ ካያችሁ ለሹፌሩ ንገሩት።

ካደረ በኋላ ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ፈልጉለት። መረቡ ውስጥ እንዳለ ግድግዳ ላይ መስቀል ይቻላል። ከመሬት ብቻ አንሱት፤ ሲሚንቶ ወለል እርጥበት ይሰጣል። የጓዳ ጥግ ላይ ከድንች ጋር አንድ ላይ አታድርጉት። ድንች ሕያው ነው፤ እርጥበት ይተፋል፤ ሽንኩርቱም ያንን ይጠጣል። የእንጀራ ምጣድ እንፋሎት የሚያገኘው ግድግዳም አይሆንም። ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚገባው የተከተፈው ብቻ ነው። ሙሉውን ብታስገቡት ቅዝቃዜው ለጊዜው ያስተኛዋል፤ ግን የማቀዝቀዣው አየር እርጥብ ነው፤ ስታወጡት ደግሞ ለመብቀል ይፈጥናል። የማገዶ ምድጃ ያላችሁ ሰዎች ግን የተሻለ ዕድል አላችሁ። ገጠር አያቶቻችን ለዘር የመረጡትን የማሽላ ራስ ከምድጃው በላይ፣ ጭሱ መሀል ይሰቅሉት ነበር፤ ደረቅና ሞቃት ስለሆነ ነቀዝም አይደፍረውም። ለሽንኩርትም ያ ቦታ ከቀዝቃዛ ጓዳ ይሻላል፤ እሳቱ እንዳይጠብሰው ብቻ ከፍ አድርጉት።

በየሳምንቱ ጆንያውን አንዴ በእጃችሁ አገላብጡት። የለሰለሰ፣ አንገቱ የረጠበ፣ ወይም ሥር ያወጣ ካገኛችሁ አውጡና መጀመሪያ እሱን ተጠቀሙበት። አንድ የበሰበሰ ሽንኩርት ውሃውን በጎረቤቶቹ ላይ ስለሚያፈስ ማዘግየት አይገባም።

የመጀመሪያው ጭነት ቆጡ ላይ ያለው አንገቱ እንደደረቀ ይነሳል፤ ከመነሳቱ ሁለት ቀን በፊት በአጭር መልእክት እናሳውቃችኋለን። ዝናብ ከገባ ሁለት ሦስት ቀን ይጨመርበታል። ሁለተኛው ጭነት ከመጀመሪያው ስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ለፋሲካም ሆነ ለዒድ የምትፈልጉ ሰዎች በዓሉ ሳምንት ሲቀረው አትዘዙን፤ አምና የተሳሳትነው በዚያ ጥድፊያ ነው። አሁኑኑ ንገሩን፣ ለብቻ እናስቀምጣለን።

ጆንያውን ስትቀበሉ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አፉን ፍቱት። ከላይ ያለውን ሳይሆን ከመሀል አንዱን አውጡና ከአንገቱ ወደ ሥሩ ክፈሉት፤ ቢላዋ ከሌላችሁ ሹፌሩ ይዟል። አንገቱ ውስጥ እርጥብ አረንጓዴ ካገኛችሁ ጆንያውን እዚያው መኪናው ላይ መልሱት። ሹፌሩ አይከራከራችሁም፤ የተመለሰውን ጆንያ የአባሉን ምልክት አይቶ ይመዘግባል፤ ቆቦ ስንመለስ ከዚያ አባል ጋር ቆጡ ድረስ አብረን ሄደን እናያለን።